የካፒቴን «እሺ»

ሰፈሩ «ቀጥ-በል» እያለ የሚጠራት ሴት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ስሙን ያወጡላት ልጆች ናቸው። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ትከሻቸውን ስትለካ «ቀጥ በል! ጎብጠህ ተለክተህ ነገ እጅጌው አጠረኝ ብትለኝ አልሰማህም» ትላቸዋለች። ስሙ ከልጆች ወደ እናቶች፣ ከእናቶች ወደ ሰፈሩ ሁሉ ተዛመተ፤ እሷም ለመደችው። ደግሞም ይስማማታል። ስትሄድም ስትናገርም ስትቆጣም ቀጥ ያለች ናት፤ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም።

ባሏን ሰው ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል። መርከብ ነድቶ አያውቅም፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወደ ተሳፋሪው ዞር ብሎ «ክቡራትና ክቡራን፣ ካፒቴናችሁ ነኝ። መስኮት ለመክፈትና ለመዝጋት የምትጣሉ ካላችሁ አሁኑኑ ተጣሉና እንገላገል» ይል ነበር። ወሬው አይጠገብም። እሷ በቀን የምትናገረውን እሱ ቁርስ ሳይበላ ይጨርሰዋል።

ሲጋቡ እሷ ሰው «ቆማ ቀረች» ማለት የጀመረባት ዕድሜ ላይ ነበረች። እሱ ከመጀመሪያ ሚስቱ ተለያይቶ ነበር፤ ከእሷም አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። ያችኛዋን ያገባት ማዘጋጃ ቤት ገብቶ፣ ምስክር አቁሞ፣ ፈርሞ ነው። ኋላ ጠባቸው አልበርድ ሲል የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ አልሆነም። «እንግዲያው በሰላም ተለያዩ፤ ልጂቱን እናቷ ታሳድግ፣ አንተም አባትነትህን አትርሳ» ብለው አሰናበቷቸው። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር በማንም ሐሳብ አልመጣም። ሽማግሌ ያለያየው ሰው ተለያየ ነው፤ ሌላ ምን አለ?

ከእነዚያ ሽማግሌዎች ትልቁ ናቸው በዓመቱ ካፒቴንን ይዘው ለቀጥ-በል ቤተሰብ የመጡት። ሳሎኑ ሰው ሞላበት። እሷ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። «ልጃችን ፈቅዳለች ወይ?» ተባለ። «ፈቅዳለች» አሉ አጎቷ። እውነት ነው፤ ፈቅዳ ነበር፤ እንዲያውም ልቧ እየዘለለ ነበር። ግን ያን ቀን የእሷን ድምፅ የሰማ ሰው አልነበረም። ተመረቁ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጋቡ። ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ ኖሩ። ልጅ አልሰጣቸውም። የካፒቴን ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየመጣች ትሰነብት ነበርና፣ ቀጥ-በል ለሷም ቀሚስ ስትሰፋ፣ ጸጉር ስታበጥር፣ ስትቆጣም ዓመታቱ አለፉ። ልጅቱ አደገች፣ በሌላ ከተማ አስተማሪ ሆነች፣ እግሯም እያጠረ መጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ካፒቴን መስተዋት ፊት ቆሞ ጺሙን ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እሱም ወደቀ። ቀጥ-በል ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ስትደርስ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው፣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ አፉም ተጣሟል። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ታክሲ ተይዞ ሆስፒታል ደረሱ። ደም ሥሩ ተዘግቶ አንጎሉን ጎድቶታል አሉ ሐኪሞቹ።

ነፍሱ ተረፈች። ወደ ማገገሚያ ሊያዛውሩት ሲሉ ግን የቅርብ ቤተሰብ ይፈርም ተባለ።

«ምኑ ነዎት?» አለቻት የሆስፒታሉ ጸሐፊ።

«ሚስቱ።»

«የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዘዋል?»

«በሽማግሌ ነው የተጋባነው።»

«የተመዘገበ ነው?»

«አይደለም» አለች ቀጥ-በል። ጸሐፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በሐዘኔታ ነው ቀና ብላ ያየቻት። «ልጅ አለው አይደል? ልጁ ትምጣና ትፈርም።»

ልጅቱ ከሩቅ ከተማ እስክትደርስ ተጠበቀ። መጣች፣ አለቀሰች፣ ፈረመች። ቀጥ-በል ያን ጊዜ ሁሉ የካፒቴንን የቆሸሸ ፒጃማ በፌስታል ይዛ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር። ማንም አልሰደባትም። ማንም አላባረራትም። ብቻ ለአንዲት ፊርማ አልበቃችም።

ካፒቴን ቤቱ ሲመለስ በዱላና በግራ እጁ ይንቀሳቀስ ጀመር። ቋንቋው ግን ሄደ። ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ያ ሁሉ ቀልድ ተሟጦ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ሆነች፤ «እሺ»። ውሃ ሲፈልግ «እሺ»። ሲናደድ «እሺ!» ሲስቅ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ»። ዱላው አልጋ ሥር ሲገባበት እርግማን በሚመስል ድምፅ «እሺ!» ይላል፤ ቀጥ-በልም «ኧረ አፍህን አትክፈት!» ትለዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ልታለማምደው የምትመጣ የንግግር ባለሙያ ነበረች። «እትዬ፣ የተዘጋው መውጫው ነው» አለቻት። «የሚሰማው ይገባዋል። ማለት የሚፈልገውን ያውቃል፤ ቃሉን ሊያወጣ ሲል ግን ይቺው አንዷ ትቀድመዋለች። ስለዚህ አፉን አትመኚው። እጁን እይ።» በግራ እጁ አውራ ጣት ወደ ላይ «አዎ»፣ ወደ ታች «አይደለም» እንዲል አስተማረችው፤ የሥዕል ካርዶችም አመጣችለት። ካፒቴን መጀመሪያ ካርዶቹን ናቃቸው፤ ኋላ ግን ካርታ እንደሚጫወት ሰው እየደረደረ በቀጥ-በል ላይ ይሳለቅባቸው ጀመር።

ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የመፈራረሙ ሐሳብ የመጣው ከእሱ ነው። እሷ የሆስፒታሉን ነገር ለጎረቤቷ ስታወራ ሰምቶ ኖሮ፣ በማግስቱ ከስፌት መኪናዋ ላይ ክር በጠሰና በጣቷ ዙሪያ መጠምጠም ያዘ። በአንድ እጅ አልሆነለትም። ክሩ ወደቀ፤ አነሳው፤ ደግሞ ሞከረ።

«ምንድን ነው የምታደርገኝ? ሥራ አስፈታኸኝ እኮ!»

«እሺ» አለና ጣቷን ያዘ፣ ደረቱን መታ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጎረቤት ልጅ የሠርግ ፎቶ ጠቆመ፣ ከዚያ በአየር ላይ እንደሚፈርም ሰው ጻፈ።

ገባት፤ መርፌዋን አቆመች። «ልታገባኝ ነው? በዚህ ዕድሜ?»

«እሺ።»

«ሰው አይስቅብንም?»

«እሺ።»

«ወይስ ዝም ብለን እንኑር?»

«እሺ።»

እዚህ ላይ ቀጥ-በል ደንገጥ አለች። ለሁሉም እሺ የሚል ሰው ለየትኛው እንዳለ በምን ይታወቃል? ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እንደገና ልጠይቅህ ነው፤ አፍህን ተወውና በእጅህ መልስልኝ። እንዲሁ እንኑር?» አውራ ጣቱ ወደ ታች። «እንፈራረም?» አውራ ጣቱ ወደ ላይ ወጣ፤ እዚያው እንዳለ ያዘው።

የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ካፒቴንን በደረጃው ለማውጣት የቀጥ-በል ወንድም ከበስተኋላ ደገፈው። የመዝገብ ሹሟ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴትዮ ናት። ካፒቴንን «በፈቃድዎ ነው የመጡት?» አለችው፤ «እሺ» አለ። «ተገደው ነው የመጡት?» አለችው፤ አሁንም «እሺ» አለ። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ዛሬ አላጋባችሁም» አለች።

ቀጥ-በል ፊቷ ተለዋወጠ። «በሽተኛ አያገባም የሚል ሕግ አለ?»

«የለም። መናገር ያቃተው ሰውም ማግባት ይችላል። ራሱን ማስተዳደር አይችልም ተብሎ በፍርድ ቤት ተከልክሏል የሚል ማስረጃም አልመጣልኝም። እኔ ግን የምፈርመው ሁለታችሁም የምታደርጉትን አውቃችሁ እንደፈቀዳችሁ ነው፤ የእሳቸውን ደግሞ አላወቅሁም። በምን እንደሚግባቡ የሚያውቅ ባለሙያ ይዛችሁ ኑ።»

ቀጥ-በል ደረጃውን ስትወርድ ያልተናገረችው ስድብ አልነበረም። ቢሆንም በሌላ ሳምንት የንግግር ባለሙያዋን ይዛ መጣች። ሹሟ ቀጥ-በልን ከክፍሉ አስወጣቻትና ካፒቴንን ብቻውን ከባለሙያዋ ጋር አስቀምጣ፣ ጥያቄውን እየገለባበጠች፣ እያረፈች ጠየቀችው። የመጀመሪያ ጋብቻው በፍርድ ቤት መፍረሱን የሚያሳየውን ውሳኔም ተቀበለች፤ ጋብቻውን ያስፈረሰችው የቀድሞ ሚስቱ ራሷ ናት፤ ከዓመታት በፊት ሌላ ባል ልታገባ ስትል። ከዚያ ቀጥ-በልን አስገብታ ዓይን ዓይኗን እያየች «እርስዎስ? እኚህን ሰው ለማግባት ፈቅደዋል?» አለቻት።

ቀጥ-በል ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። እንዲመልስላት የጠበቀች ይመስል። ከዚያ ነገሩ ገባትና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ፈቅጃለሁ» አለች። ድምፅዋ ክፍሉ ውስጥ ከጠበቀችው በላይ ጎላ።

ፈረሙ። ካፒቴን በግራ እጁ የጻፈው ፊርማ ሸረሪት የተራመደበት ይመስል ነበር።

ወሬው ልጅቱ ዘንድ የደረሰው በስልክ፣ ያውም በሌላ ሰው አፍ ነው። «አባትሽን አጋቡት እኮ! ከእሺ በቀር የማይናገረውን ሰው!» አሏት። ወር ሳይሞላ መጥሪያ መጣ። ልጅቱ ሁለት ነገር ጠይቃለች፦ አባቷ ፈቃዱን መስጠት የማይችል ስለነበረ ጋብቻው ይፍረስ፤ አባቷም በፍርድ ተከልክሎ እሷ ሞግዚት ትሁነው፣ ወስዳም ታስታምመው።

ቀጥ-በል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ወስዳ» የሚለው ላይ ዓይኗ ቆመ። ከዚያ አጣጠፈችው፣ ደንበኞቿን «ነገ ኑ» አለች፣ ጫማዋን ቀየረችና ጠበቃ ፍለጋ ወጣች።

ያገኘችው ጠበቃ በቅርቡ ሥራ የጀመረ፣ ሲናገር ክራቫቱን የሚጎትት ወጣት ነው። ታሪኩን ሁሉ አዳመጠ። ከዚያ ዝግ ብሎ «እትዬ፣ በሽማግሌ የተጋባችሁት የቀድሞ ሚስቱ በፍርድ ቤት ከመፋታቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አላት።

«በፊት ነዋ። እሷ ፍርድ ቤት የሄደችው ስንት ዓመት ቆይታ ነው። ግን እኮ ሽማግሌ አለያይቷቸው ነበር።»

ጠበቃው ክራቫቱን ጎተተ። «በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሙሉ ጋብቻ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ አያንስም። መመዝገብ የሚያስፈልገው ለማስረጃ ነው። አለመመዝገቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምስክር አቁመን ሃያ ዓመት እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን እናስረዳ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በማዘጋጃ ቤት የተጋቡ ሰዎችን ሽማግሌ ሊያስታርቅ ይችላል፤ ጋብቻቸውን የሚያፈርሰው ግን ፍርድ ቤት ነው። አንቺን ባገባ ጊዜ ካፒቴን በሕግ የሌላ ሴት ባል ነበር። ባለትዳር ሆኖ ሌላ ጋብቻ አይጸናም፤ በባህልም ቢሆን።»

«እንግዲያው እኔ ምን ነበርኩ?» አለች ቀጥ-በል።

«እናንተ በቅን ልቦና ነው ያደረጋችሁት። ማንም ክፉ አላሰበም።»

«እሱን አልጠየቅሁህም» አለች። ወዲያው ግን ተቃናች። «አሁን የቀረኝ የማዘጋጃ ቤቱ ነው ማለት ነው?»

«እሱ ብቻ ነው። ያን ቀን ካፒቴን ከቀድሞ ሚስቱ ነጻ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ በፈረመበት ሰዓት የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ?»

ይህን የሰሙት አንጋፋው ሽማግሌ ከዘራቸውን እያስቀደሙ ሱቋ ድረስ መጡ። አርጅተዋል፤ ካጋቧቸው ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እኔው ያበላሸሁትን እኔው ላቃናው» አሏት። «ያጋባኋቸው ከፍርድ ቤቱ ፍቺ በኋላ ነው እላለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት የሆነውን ማን ቆጥሮ ይይዛል? እኔን የሚያሳብል የለም።»

ወንድሟ «እውነታቸውን ነው፤ አንዴ ብለው ቢገላግሉሽ ምን አለበት!» አለ።

ቀጥ-በል መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር «እሺ በያቸው» ሲላት ተሰማት። ሃያ ዓመቷን በአንዲት ቃል መመለስ ትችል ነበር። «አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ግን እኔ ፍርድ ቤት የምሄደው ይህ ሰው አውቆ ነው የፈቀደው፣ እመኑት ልል ነው። እሱን እመኑት እያልኩ ራሴ ከዋሸሁ ማን ያምነኛል? ልጅቱስ? ያን ጊዜ ነፍስ አውቃ አልነበረም እንዴ? እናቷ መቼ እንደተፈታች ታውቃለች።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እውነቱን እናገራለሁ» አሉና ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ያን ጊዜ ፍርድ ቤት ሂዱ ያለን ሰው ቢኖር…» ብለው ሳይጨርሱት ወጡ።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ዳኛዋ ሴት ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። ቀጥ-በል ስትጠየቅ በሽማግሌ የተጋባችው ከፍቺው ውሳኔ በፊት መሆኑን ሳታንገራግር ተናገረች። አንጋፋው ሽማግሌም ያንኑ መሰከሩ። የልጅቱ ጠበቃ ክርክር አዘጋጅቶ መጥቶ ኖሮ፣ የሚከራከረው ሲያጣ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ቆየ።

ከዚያ ወደ ካፒቴን ዞረ። ፈገግ ብሎ «አባቴ፣ ዛሬ ሠርግዎ ነው?» አለ።

«እሺ» አለ ካፒቴን።

«ይህ ወንበር ዝሆን ነው?»

«እሺ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የካፒቴን ግራ አውራ ጣት ወደ ታች ዞሮ ነበር፤ ጠበቃው ግን አላየም፤ ወይ አላየሁም አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ሲሳቅበት ግን አንገቱን ደፋ። ቀጥ-በል ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እጁን እዩ እንጂ!» አለች።

«ይቀመጡ» አሉ ዳኛዋ። ግን እጁን አዩ። «መዝገቡ ላይ ይስፈር» አሉ፤ «ተጠያቂው በቃል እሺ ሲሉ በእጃቸው አይደለም ብለዋል።» ሳቁ ቆመ።

የመዝገብ ሹሟ ቀርባ የሆነውን ተናገረች፤ በመጀመሪያው ቀን እንደመለሰቻቸው፣ በሁለተኛው ቀጥ-በልን አስወጥታ እንደጠየቀችው። «አንድ ጥያቄ በሁለት መልክ ነበር የምጠይቃቸው» አለች። «ፈቅደዋል? ስላቸው እጃቸው ወደ ላይ ነበር፤ አልፈቀዱም? ስላቸው ወደ ታች። ተዘበራርቆ ቢሆን ኖሮ አላጋባቸውም ነበር።» ቀጥ-በል ያን ቀን ደረጃው ላይ የደረደረችባትን ስድብ አስታወሰችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዳኛዋ ካፒቴንን በጽሕፈት ቤታቸው ሊያነጋግሩት ወሰኑ፤ ሁለቱ ጠበቆችና የንግግር ባለሙያዋ ብቻ ባሉበት። ሚስትም ልጅም ውጭ ይጠብቁ ተባለ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። ልጅቱ በአንዱ ጫፍ፣ ቀጥ-በል በሌላው ተቀመጡ። መጀመሪያ የተናገረችው ልጅቱ ናት።

«ለምን አልዋሸሽም?» አለች። «ትዋሻለሽ ብዬ ነበር። ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት።»

«ውሸት አይሆንልኝም። አውቀሽኝ የለ።»

«እናቴ ሌላ ሰው ልታገባ ስትል ነው ባለትዳር ነሽ ያሏት፤ ታውቂያለሽ? አባቴ ካንቺ ጋር ቤት ይዞ፣ እሷ ታስራ። ስንት ዓመት! ፍርድ ቤት ስትመላለስ ቦርሳዋን የምይዝላት እኔ ነበርኩ።»

ቀጥ-በል ፍቺ መጠየቋን እንጂ ያን ያህል ዓመት መታሰሯን አታውቅም ነበር። ወደ ልጅቱ ዞረች። «አላወቅሁም» አለች። «ባውቅ ኖሮ ራሴ እወስደው ነበር፣ በጆሮው ይዤ። ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ያ ግን የኔ ጥፋት ነው።»

«እና አሁን ደግሞ አፍ የሌለውን ሰው አንቺ ይዘሽው ማዘጋጃ ቤት ሄድሽ ሲሉኝ… እንደ ዕቃ ነው የወሰደችው አልኩ።»

«ምነው ደውለሽ ብትጠይቂው ኖሮ?»

«ምን ይለኛል? እሺ ነው የሚለኝ!» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «ስደውል እሺ ይለኛል። አባዬ ናፍቀኸኛል ስለው እሺ። አመመህ ወይ ስለው እሺ። ሰውየው የለም ብዬ ነው ስልኩን የምዘጋው።»

ቀጥ-በል ተጠጋቻት፤ አላቀፈቻትም፤ ብቻ ተጠጋች። «በስልክ እጁ አይታይማ» አለች። «ፊት ለፊት ነው የሚያወራው። ስታዪው ትደነግጫለሽ፤ እንደ ድሮው ነገረኛ ነው። ግን ስሚኝ፤ አልደብቅሽም። ብትፈልጊም ባትፈልጊም እስከ መጨረሻው እከራከራለሁ። ሰውየውን አልሰጥም ብዬ አይደለም፤ ራሱ ያልጠየቀውን ስለምትጠይቂለት ነው።»

በሩ ተከፈተ፤ ሁለቱም ገቡ። ካፒቴን ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ እንደ ድሮው መሪ የያዘ መስሎ ተቀምጧል። የንግግር ባለሙያዋ ካርዶቹን እየሰበሰበች ነበር።

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዳኛዋ አነጋገሩ እንዴት እንደነበረ በዝርዝር ገለጹ። በመጀመሪያ መልሱ የሚታወቅ ጥያቄ ጠይቀውታል፤ እጁ አልሳተም። ጋብቻ ምን እንደሚያመጣ፣ ሚስት ምን መብት እንዳላት፣ ልጁም ምን መብት እንዳላት እያብራሩ ጠይቀውታል፤ የገባውንና ያልገባውን ለይቷል። ያልገባውን እንዲደግሙለት እጁን አዙሮ አሳይቷል። የጋብቻውን ሐሳብ ማን እንዳመጣው ሲጠይቁት ደረቱን መትቷል። ይፍረስልህ ወይ ሲሉት አውራ ጣቱን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛውን መትቷል። ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ ሲጠየቅ የቀጥ-በልን ፎቶ ያዘ፤ የልጁን ፎቶ ሊወስዱበት ሲሉ ግን አልለቀቀም፤ ከፎቶዋ ጋር ካርዶቹ መሐል ያለችውን የአውቶቡስ ሥዕል አስጠጋ። ትምጣ ማለቱ ነው።

«መናገር አለመቻል አለማወቅ አይደለም» አሉ ዳኛዋ። «ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ ችሎታ እንዳለው ይገመታል። ችሎታ አልነበረውም የሚል ወገን በተጋባበት ጊዜ እንዳልነበረው ማስረዳት አለበት፤ አመልካች ይህን አላስረዱም። በሽማግሌዎች ፊት ተፈጸመ የተባለው ጋብቻ፣ ባልየው በጊዜው በሕግ የጸና ሌላ ጋብቻ ስለነበረው ጋብቻ ሆኖ አልተገኘም። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመው ግን ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ የጸና ነው። በፍርድ ይከልከል የተባለውን ጥያቄ አልተቀበልነውም፤ ፈቃዱን መግለጽ የሚችል ሰው ነው። ሁኔታው ቢለወጥ ጥያቄው እንደገና ሊቀርብ ይችላል።»

ጠበቃው ክራቫቱን ጎትቶ «አሸነፍን!» አላት በሹክሹክታ። ቀጥ-በል ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልሳቀችም። «ጋብቻ ሆኖ አልተገኘም» የምትለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርታ ነበር። ያን ሳሎን፣ ያን ምርቃት፣ የአጎቷን «ፈቅዳለች» አሰበች። ያን ሁሉ ዓመት ሚስት ነኝ ብላ ኖራ በሕግ ሚስት አልነበረችም፤ ሌላዋ ሴት ደግሞ ሚስት ነኝ ሳትል ሚስት ሆና ታስራ ነበር። የኖረችውን ኑሮ ማንም አይወስድባትም። ቢሆንም አመማት፤ ማመሙንም አልካደችም።

ችሎቱ ሲበተን ቀጥ-በል በቀጥታ ወደ ልጅቱ ሄደች። «የእናትሽን ስልክ ስጪኝ» አለቻት።

ልጅቱ ተገረመች። «ምን ልትያት?»

«ይቅርታ ልላት። ካልፈለገችኝ ትዝጋብኝ፤ እኔ ግን እደውላለሁ።»

ልጅቱ ትንሽ አመነታችና ቁጥሩን ነገረቻት። ቀጥ-በል በዚያው ምሳ ሰዓት፣ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆማ ደወለች። የተባባሉትን ለማንም አልተናገረችም። ስልኩ ግን ቶሎ አልተዘጋባትም፤ ጠበቃውና ልጅቱ በርሀብ አለቅን እያሉ፣ ካፒቴንም «እሺ!» እያለ ጠበቋት።

ልጅቱ ያን ዕለት ወደ ከተማዋ አልተመለሰችም። አመሻሹ ላይ ስፌት ቤቱ ውስጥ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ካርዶቹን መማር ጀመረች። አባቷ ሆን ብሎ የተሳሳተ ካርድ እየሰጠ ያሳስታታል፤ ስትናደድ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እያለ ይንከተከታል። «አባዬ፣ ታጭበረብራለህ!» ስትለው አውራ ጣቱን ወደ ላይ አደረገ። ቀጥ-በል ደግሞ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ያልተጨረሰ ሱሪ ተቆልሎባታል፤ መኪናዋን ታንቀሳቅሳለች። ካፒቴን በመጪው ሳምንት ሆስፒታል ቀጠሮ አለው። ጸሐፊዋ ምኑ ነዎት ስትላት የምትመልሰውን አሰበችና መርፌዋ ሥር አዲስ ጨርቅ አስገባች።